መግለጫችሁ ከዋናው ነገር ይጀምር

ለተከበራችሁ፣ በአቃቂ ቃሊቲና በአካባቢው ለነዋሪው አገልግሎት በሚሰጡ ተቋማት ውስጥ ለምትሠሩ የሕዝብ ግንኙነትና የኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች፤ እንዲሁም መግለጫ ከመውጣቱ በፊት አይታችሁ ለምታጸድቁ የሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የጋዜጣዊ መግለጫ አጻጻፍና አርትዖት እንዲስተካከል ስለመጠየቅ



የአቃቂ ነዋሪ ነኝ። ረጅም ዘመን በዜና ክፍል ውስጥ በአርታኢነት ስሠራ ከእናንተ ዓይነት ተቋማት የሚላኩ መግለጫዎችን አንብቦ ዜና ማውጣት የዕለት ሥራዬ ነበር። አሁን ደግሞ እንደማንኛውም ሰው መግለጫዎቻችሁን በስልኬ አነብባለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በቅርቡ ለሰፈራችን የወጣ አንድ የውኃ መቋረጥ መግለጫ ነው። ያወጣውን ተቋም በስም አልጠራም። አጻጻፉ የብዙ ተቋማት ልማድ ስለሆነ አንዱን ለይቶ መውቀሱ ፍትሐዊ መስሎ አልታየኝም።

ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች በማስረከብ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ናት። ጤፉን አቡክታ ሊጡ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ትጠብቃለች። ሲደርስ ከላይ ያቀረረውን ውኃ ደፍታ፣ ከሊጡ ጥቂት ቀንሳ አብሲት ትጥላለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ምጣዱ የሚጣደው። አብሲቱም፣ ሊጡን ማቅጠኑም፣ ዕቃውን ማጠቡም ውኃ ይፈልጋል። መግለጫው ውኃው ከመቋረጡ ከአንድ ቀን በፊት ስልኳ ላይ ደርሷት ነበር። ከፍታ አይታዋለች። ፎቶው ላይ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ አንድ የምክክር መድረክ ይናገራል። እሷን የሚመለከት ነገር ስላላገኘችበት ዘጋችው። ውኃ እንደሚቋረጥ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ያለው ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ነበር። በማግሥቱ ቧንቧው ደረቀ፤ ለሁለት ቀን የተያዘ ሊጥ ከሚገባው በላይ ኮመጠጠ፤ የተረፈውን በጄሪካን ውኃ እየገዛች ጋግራ ያለ ትርፍ አስረከበች። ደንበኞቿ አንድ ቀን ሳይደርሳቸው ስለቀረ ከመካከላቸው አንዱ ሌላ ጋጋሪ ፈለገ።

መግለጫው አልዋሸም፤ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ በወቅቱም ወጥቷል። ጉዳቱን ያመጣው የዓረፍተ ነገሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተል ደግሞ ያለ ምንም ተጨማሪ በጀት፣ በአንድ አርታኢና በግማሽ ሰዓት ሥራ የሚስተካከል ነገር ነው። ቅሬታዬን ለማሰማት የደፈርኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

መግለጫችሁ ከቢሮ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚደርስበት ላስረዳ። ጋዜጣ ላይ ገጽ ሲጠብ አዘጋጁ የሚቆርጠው ከታች ነው። ሬዲዮ ላይ ለአካባቢ ማስታወቂያ የሚሰጠው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም ስለማይበልጥ አንባቢዋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንብባ ታልፋለች። ቴሌግራም ላይ ከፎቶ ጋር የሚለጠፍ ጽሑፍ በተለመደው አካውንት ከ1,024 ሆሄያት መብለጥ አይችልም፤ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። ስለዚህ ረጅሙ መግለጫ ከፎቶው ጋር ሲለጠፍ ወይ ለሁለት ይከፈላል፣ ወይ ጅራቱ ይቀራል። ሰው ወደ እድሩ ወይም ወደ ኮንዶሚኒየሙ ቡድን ሲያጋራው ደግሞ የሚያጋራው የመጀመሪያውን ክፍል ነው። በእነዚህ መንገዶች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። እናንተ ደግሞ ነዋሪው የግድ ማወቅ ያለበትን የምታስቀምጡት እዚያው ላይ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማሳየት አንድ ናሙና አዘጋጅቻለሁ። የማንም ተቋም መግለጫ አይደለም፤ ብዙ መግለጫዎች የሚመሳሰሉበትን መልክ ይዤ እኔው የጻፍኩት ነው፤ ቦታዎቹና ቀኖቹም ለምሳሌ ብቻ የገቡ ናቸው። ርዕሱ እንዲህ ይላል፦ «የኅብረተሰቡን የንጹሕ መጠጥ ውኃ ተጠቃሚነት ለማሳደግ በትኩረት እየተሠራ እንደሚገኝ ተገለጸ»። ጽሑፉ ይቀጥላል፦

«ተቋሙ የኅብረተሰቡን የልማት ጥያቄዎች ደረጃ በደረጃ ለመመለስ በተያዘው በጀት ዓመት በርካታ ተግባራትን እያከናወነ የሚገኝ ሲሆን፣ በዛሬው ዕለትም ከባለድርሻ አካላት ጋር የምክክር መድረክ አካሂዷል። በመድረኩ ላይ ተገኝተው ንግግር ያደረጉት የተቋሙ ሥራ አስኪያጅ የሕዝቡን የውኃ ጥያቄ መመለስ ለነገ የማይባል ተግባር በመሆኑ ከመቼውም ጊዜ በላይ በቁርጠኝነት እንሠራለን ብለዋል። የቴክኒክ ዘርፍ ኃላፊው በበኩላቸው የጥገና ሥራው በከፍተኛ ጥራት እየተከናወነ እንደሚገኝ ጠቁመው፣ ኅብረተሰቡ የተለመደ ትብብሩን እንዲያደርግ ጥሪ አቅርበዋል። በመጨረሻም በዋና መሥመር ጥገና ምክንያት ከነገ ጀምሮ ለተወሰኑ ቀናት በአንዳንድ አካባቢዎች የውኃ አቅርቦት ሊቆራረጥ እንደሚችል ተገልጿል።»

ይህን ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ ባገኘው መጀመሪያ የማደርገው አንባቢውን ከመቀመጫው የሚያስነሳውን ዓረፍተ ነገር መፈለግ ነው። እዚህ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው። እርሱን አውጥቼ ከላይ አስቀምጠዋለሁ። ከላይ ሲቀመጥ ግን ባዶነቱ ይታያል። «ነገ» የትኛው ቀን ነው? መግለጫው ሰኞ ወጥቶ ረቡዕ የተጋራለት ሰው «ነገ»ን ሐሙስ አድርጎ ያነብበዋል። «የተወሰኑ ቀናት» ሁለት ናቸው ወይስ አሥር? «አንዳንድ አካባቢዎች» ገላን ኮንዶሚኒየምን ይጨምራል ወይ? ቂሊንጦ ያለው ሰው ይመለከተዋል? «ሊቆራረጥ ይችላል» ሲባል ይመጣል ይሄዳል ማለት ነው ወይስ ጨርሶ አይኖርም? ዓረፍተ ነገሩ ከግርጌ ሳለ እነዚህን ጥያቄዎች ማንም አላነሳቸውም፤ ጸሐፊውም፣ ያጸደቀውም ሰው አላነሳቸውም። ዋናውን ነገር ከፊት ማድረግ ለአንባቢው ከሚሰጠው ጥቅም ባሻገር፣ ጸሐፊውን መረጃው በእጁ መኖሩን እንዲያጣራ ያስገድደዋል። ብዙ ጊዜ እንደታዘብኩት ረጅም መግቢያ የሚጻፈው ዋናው መረጃ ገና ሳይጣራ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ ብዕር ማንሳት ሳይሆን ስልክ ማንሳት ነው። ጥገናውን የሚመራውን መሐንዲስ ጠይቆ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ ምክንያቱንና ምን ሊበላሽ እንደሚችል መጻፍ። ከዚያ በኋላ መግለጫው እንዲህ ይሆናል። ርዕስ፦ «ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ በገላን ኮንዶሚኒየም፣ በቱሉ ዲምቱና በሳሎ ጎራ ውኃ አይኖርም»። ጽሑፉ፦

«ከማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት በገላን ኮንዶሚኒየም፣ በቱሉ ዲምቱና በሳሎ ጎራ ውኃ ይቋረጣል። ምክንያቱ በዋናው መሥመር ላይ የሚያፈስስ መገጣጠሚያ ስለሚቀየር ነው። ነዋሪዎች እስከ ሰኞ ማታ ለሦስት ቀን የሚበቃ ውኃ እንዲያጠራቅሙ እንጠይቃለን። በሦስቱም ቀናት የውኃ ቦቴ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት በየኮንዶሚኒየሙ ዋና መግቢያ ይቆማል። ውኃው ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ሊደፈርስ ስለሚችል እስኪጠራ ድረስ አፍስሱት። ሥራውን የሚመሩት መሐንዲስ፦ ‹መገጣጠሚያውን ስንፈታ ቧንቧው ራሱ ተጎድቶ ካገኘነው አንድ ቀን ይጨምራል። እንደዚያ ከሆነ ረቡዕ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት እናሳውቃችኋለን› ብለዋል።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙም አይረዝምም፤ ጎረቤቴ ግን ርዕሱን ብቻ አንብባ ሊጥ ላለማቡካት ትወስናለች። ከምክክር መድረኩ የቀረ ነገር ካለ ከዚህ በታች በአንድ አንቀጽ ሊገባ ይችላል። ገጹ ሲጠብ ቢቆረጥም የሚጎዳ ሰው የለም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በአማርኛ ስንጽፍ የምንቸገርበት ነገር ስላለ ነው። አማርኛ ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ይቋረጣል» የሚለው ከቦታውና ከሰዓቱ በፊት ሊመጣ አይችልም። እንግሊዝኛ ጋዜጣ ያነበበ ባለሙያ «ዋናው ነገር ይቅደም» የሚለውን ምክር ሰምቶ እንዴት እንደሚያደርገው ግራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ግሡን ወደፊት መጎተት አይደለም፤ በአንባቢውና በግሡ መካከል የሚቆሙትን ነገሮች መቀነስ ነው። ምክንያቱን ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መላክ፣ የተቋሙን ሙሉ ስምና የኃላፊውን ማዕረግ ወደ ታች ማውረድ፣ «የሚገኝ ሲሆን» እና «ከመሆኑም ባሻገር» የሚሉትን መገጣጠሚያዎች መፍታት። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀኑ፣ ቦታውና የሚሆነው ነገር ብቻ ከቀሩ ግሡ ቶሎ ይደርሳል። ጮክ ብላችሁ ስታነብቡት በአንድ ትንፋሽ ካላለቀላችሁ ገና የሚወጣ ነገር አለ ማለት ነው።

ከግሡም በኋላ የሚለጠፍ ነገር አለ። «ይቋረጣል» የነበረው «ሊቋረጥ እንደሚችል ተገለጸ» ሲሆን ሦስት ነገር ይደርስበታል፦ እርግጠኛነቱ ይላላል፣ ተናጋሪው ይሰወራል፣ ድርጊቱም ከመቋረጥ ወደ መግለጽ ይዞራል። ተቋሙ ራሱ ውኃውን የሚዘጋው ከሆነ «እንዘጋለን» ወይም «ይቋረጣል» ይበል። በትክክል ያልታወቀ ነገር ካለ ያልታወቀው እርሱ ብቻ ተለይቶ ይነገር፤ በናሙናው ውስጥ መሐንዲሱ ስለ አራተኛው ቀን እንደተናገሩት።

ወደ ጥቅሶቹ ልመለስ። በእኔ እምነት በመግለጫዎቻችሁ ውስጥ ከመግቢያው ቀጥሎ አንባቢን የሚያርቀው ጥቅስ ነው። ጥቅስ መኖሩን አልቃወምም፤ ጥሩ ጥቅስ መግለጫውን የሰው ያደርገዋል። በናሙናው የመጀመሪያ ቅጂ ውስጥ ያሉትን ሁለት ንግግሮች ግን አንድ በአንድ ፈትኗቸው። «ከመቼውም ጊዜ በላይ በቁርጠኝነት እንሠራለን» የሚለውን ሰርዙና አንባቢው ምን እንደጎደለው ጠይቁ። ምንም። ደግሞም ተናጋሪውን ቀይራችሁ በመብራት፣ በመንገድ ወይም በጤና ተቋም ኃላፊ አፍ ውስጥ አስገቡት፤ አንድም ቃል ሳይቀየር ይስማማል። ለሁሉም የሚስማማ ንግግር የማንም አይደለም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነዋሪ ኃላፊውን አግኝቶ «ይህን ብለው ነበር፤ አድርገዋል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅበት የሚችል ነገርም የለውም።

አሁን የመሐንዲሱን ጥቅስ በዚያው መንገድ ፈትኑ። ቢሰረዝ ነዋሪው ጥገናው ሊራዘም እንደሚችልና መቼ እንደሚነገረው አያውቅም። ሌላ ተቋም ሊናገረው አይችልም። ረቡዕ ቀኑ 6 ሰዓት ላይ ደግሞ ቃሉ መጠበቁና አለመጠበቁ ይታያል። አንድ ሰው በራሱ አፍ ሊለው የሚገባ ነገር እንዲህ ያለው ነው፦ ቃል መግባት፣ በሙያው የሚያውቀውን ማስረዳት፣ ያልታወቀውን አልታወቀም ማለት፣ ይቅርታ መጠየቅ። ቀን፣ ሰዓትና ብዛት ግን የተቋሙ መረጃዎች ስለሆኑ ጥቅስ ውስጥ አይደበቁ፤ በቀጥታ ይጻፉ።

ጥቅሶቹ ለምን እንዲህ ደረቁ ብዬ ሳስብ አንዱ ምክንያት አሠራሩ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ባለሙያው በቢሮው ተቀምጦ ኃላፊው ሊሉት ይችላሉ ያለውን ይጽፋል፤ ኃላፊው አንብበው ይፈርማሉ። በዚህ መንገድ የተሠራ ጥቅስ ወዲያው ይታወቃል፤ ሰው ሲናገር «ከማድረግ አኳያ» ወይም «በሚቻልበት ሁኔታ ዙሪያ» እያለ አያወራምና። ጋዜጠኛ ደውሎ «እንዲህ ብለዋል፤ ትንሽ ያብራሩልኝ» ሲል ኃላፊው የሚያብራሩት አያገኙም። በዚህ ፈንታ ባለሙያው ስልኩን ቀረጻ ላይ አድርጎ ኃላፊውን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ነዋሪው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ምንድን ነው? ምን ይመልሱለታል?» የሚመለሰው መልስ ራሱ ጥቅሱ ነው። ተቆርጦ ሊያጥር ይችላል፤ በቢሮ ቋንቋ እንደገና መጻፍ ግን የለበትም።

ሌላው ምክንያት የስብሰባው ቅደም ተከተል ወደ መግለጫው መገልበጡ ነው። «ንግግር አድርገዋል»፣ «በበኩላቸው»፣ «አክለውም»፣ «በመጨረሻም» የሚሉት ቃላት በተከታታይ ሲመጡ ጽሑፉ ቃለ ጉባኤ መሆኑን ይነግሩናል። ቃለ ጉባኤ ማን ከማን ቀጥሎ እንደተናገረ መመዝገብ አለበት፤ ለዚያም መዝገብ አለው። ነዋሪው ግን በስብሰባው ላይ አልነበረም፤ የንግግሩ ተራም አይጠቅመውም። አርታኢው እነዚህን አራት ቃላት ሲያይ ወዲያው ብዕሩን ማንሳት ይገባዋል።

የነዋሪዎች አስተያየት ተብለው የሚገቡትም እንዲሁ ናቸው። «በተሠራው ሥራ ተደስተናል» የሚል ጥቅስ የተናገረውንም፣ ያነበበውንም ሰው አይጠቅምም። አንዲት እናት «ቦቴው በር ላይ ቢቆምም አራተኛ ፎቅ ያሉ አዛውንት ጄሪካን ተሸክመው መውጣት አይችሉም» ብትል ግን ንግግሯ ጥቅስ መሆን ይገባዋል፤ ኃላፊውም በዚያው መግለጫ ውስጥ መልስ ሊሰጡበት ይችላሉ።

እስካሁን ያነሳሁት ሊጥና ጄሪካን ነው። በእኛ ክፍለ ከተማ ግን ቅደም ተከተል ከዚህ የከበደ ውጤት የሚያመጣበት ወቅት አለ። ክረምት ሲበረታ የለገዳዲ ግድብ ሞልቶ ትርፍ ውኃው ሲለቀቅ፣ ውኃው ትልቁን አቃቂ ወንዝ ይዞ ወደ እኛ ነው የሚወርደው፤ ከዚያም ከትንሹ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛል። በወንዙ ዳር የሚኖሩ፣ አትክልት የሚያለሙ፣ ከብት የሚያሰማሩና ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች አሉ። በተለያዩ ዓመታት በነሐሴ አካባቢ ነዋሪው እንዲጠነቀቅ ማሳሰቢያ ሲወጣ ሰምተናል፤ ማሳሰቢያው መውጣቱ ራሱ የሚመሰገን ነው።

እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ሲዘጋጅ ከውኃ ጥገናው መግለጫ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በጥገናው ጊዜ የሚቀድመው የሚሆነው ነገር ነው፤ ውኃ ይቋረጣል። በጎርፍ ጊዜ ግን የሚቀድመው አንባቢው ማድረግ ያለበት ነው፦ «በትልቁ አቃቂ ወንዝ ዳር ያላችሁ ዛሬ ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ከወንዙ ራቁ፤ ከብቶቻችሁንም አርቁ።» የግድቡ ስም፣ የዝናቡ መብዛት፣ ውኃው የሚለቀቅበት ምክንያት ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይድረስ። ወንዙን ለመሻገር አንድ እግሩን ያነሳ እረኛ ስልኩ ላይ ብቅ የሚልለት የመጀመሪያው መሥመር ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት ማሳሰቢያ ውስጥ ጥቅስ ባይኖር እመርጣለሁ፤ ቢኖርም የወንዙን ፍሰት የሚያውቅ ባለሙያ «ውኃው ከተለቀቀ በኋላ እዚህ ለመድረስ ይህን ያህል ሰዓት ይፈጅበታል» የሚለው ብቻ ይሁን። በተጨማሪም እነዚህ ማሳሰቢያዎች በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ እኩል ሰዓት ይውጡ፤ ወንዙ የክፍለ ከተማውን ወሰን አልፎ ወደ ኦሮሚያ ገበሬዎች ይሄዳልና።

ለምታጸድቁ የሥራ ኃላፊዎች በተለይ አንድ ነገር ልበል። ባለሙያዎቻችሁን ጠይቄ የሰማሁት ተመሳሳይ መልስ ነው፦ «አጭር አድርገን ስናቀርብ የኃላፊው ስም ከላይ ለምን አልገባም ተብሎ ይመለስብናል።» ጭንቀቱ ይገባኛል፤ ተቋሙን የሚመራውን ሰው ማክበር ተገቢ ነው። ነገር ግን የኃላፊው ስም ከነማዕረጉ በመጀመሪያው መሥመር ላይ ሲቆም፣ አንባቢው ስሙን የሚያስታውሰው ቧንቧው ሲደርቅ ነው። ስሙ «ረቡዕ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት እናሳውቃችኋለን» ከሚለው ቃል አጠገብ ቢቆም ግን ቃሉ በተጠበቀ ቁጥር ስሙም ይከበራል። ሹመት ወይም የሐዘን መግለጫ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ እዚያ ዜናው ራሱ ሰውዬው ስለሆነ ስሙ መቅደም አለበት።

መጥፎ ዜናን ከፊት ማድረግ ሕዝብ ያስደነግጣል የሚል ስጋትም አለ። እዚህ ላይ የሙያው ታሪክ የሚነግረን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1906 በአሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ አንድ ባቡር ከድልድይ ላይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የባቡር ኩባንያዎች የዚያን ጊዜ ልማዳቸው አደጋን መደበቅ ነበር። የፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያ አማካሪ የነበረው አይቪ ሊ ግን ኩባንያው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ጽፎ ለጋዜጦች እንዲሰጥ አደረገ፤ ኒው ዮርክ ታይምስም ጽሑፉን እንዳለ አተመው። ብዙ የዘርፉ ጸሐፊዎች የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ የሚሉት ይህን ነው። ጋዜጣው እንዳለ ያተመው መረጃ ስላገኘበት ነው። የእናንተም መግለጫ መረጃውን ከፊት ከያዘ አዘጋጁ ሳይነካው ያወጣዋል፤ ካልያዘ እንደገና ይጽፈዋል ወይም ይጥለዋል። ያን ጊዜ ሰፈሩ የሚያወራው ከየቦታው የተሰባሰበውን ይሆናል፤ «ውኃው ለአንድ ወር ይጠፋል» የሚለው ወሬ ከ«ሦስት ቀን» ይልቅ ያስደነግጣል።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። አገልግሎት የሚቋረጥበት፣ መንገድ የሚዘጋበት ወይም አደጋ የሚያሰጋበት መግለጫ ሁሉ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቀኑን ከነስሙ፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ቦታውንም ነዋሪው በሚጠራበት ስም እንዲይዝ በጽሑፍ ደንግጉልን። የወረዳ ቁጥር ብቻ ሲጻፍ ብዙ ሰው ሰፈሩ መሆኑን አያውቅም፤ «ቃሊቲ መነኸሪያ አካባቢ» ሲባል ግን ሁሉም ያውቃል። «ነገ» እና «ዛሬ» ብቻቸውን አይጻፉ። ጥቅስ ከሁለት አይብለጥ፤ እያንዳንዱም በተናጋሪው አንደበት የተባለ ይሁን። ከግርጌ የሚጻፈው ስልክ አገልግሎቱ እስኪመለስ ድረስ ሰው የሚያነሳው ይሁን። መረጃው ከተቀየረም የድሮውን አጥፍታችሁ ዝም አትበሉ፤ «ማስተካከያ» ብላችሁ የተቀየረውን ከላይ ጻፉ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ መግለጫውን የሚያርመው ባለሙያ ዓረፍተ ነገር የማዘዋወርና ጥቅስ የመሰረዝ ሥልጣን ይሰጠው። ኃላፊው የመረጃውን ትክክለኛነት ያጽድቁ፤ ቅደም ተከተሉን ለአርታኢው ይተዉለት። ይህ ካልሆነ ሥልጠና ቢሰጥም ጥቅም የለውም፤ ባለሙያው አስተካክሎ ያቀረበው በፊርማ ሰዓት ወደ ድሮው ይመለሳልና።

ከተቋሞቻችሁ አንዱ ፈቃደኛ ቢሆን የቀድሞ መግለጫዎቹን ይዘን አብረን ተቀምጠን ለማረም ዝግጁ ነኝ፤ ክፍያም አልፈልግም። የሚቀጥለው ክረምት ከመግባቱ በፊት ቢያንስ የውኃና የጎርፍ ማሳሰቢያዎች በአዲሱ አጻጻፍ እንደሚወጡ ተስፋ አደርጋለሁ። ጥያቄዬን ተመልክታችሁ የወሰናችሁትን በሰፈራችን በምትጠቀሙበት የማስታወቂያ መንገድ አሳውቁን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

የአቃቂ ነዋሪና የቀድሞ የዜና አርታኢ